የጉበት ሲቲ ስካን ሪፖርት አጻጻፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኢንዲኬሽኑን፣ ማለትም ምርመራው የታዘዘበትን ምክንያት፣ ከመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ከገለበጥኩ ይበቃል።»

ለምሳሌ ያህል ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የተላከ የ48 ዓመት ቡና አምራች ገበሬን እንውሰድ። በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «የሆድ ሕመም፤ የሆድ ሲቲ ይነሣ» የሚል ብቻ ነው። ካርዱ ሲገለጥ ግን ሰውየው ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት፣ ከወራት በፊትም በአልትራሳውንድ በጉበቱ ቀኝ ክፍል 14 ሚሊሜትር የሆነ ነገር እንደታየበት ይገኛል። ይህ መረጃ የምስሉን ትርጉም ይለውጣል። የጉበት ካንሰርን ያለ ናሙና በምስል ብቻ ለመለየት የሚያስችለው ላይ-ራድስ የተባለው አመዳደብ የሚሠራው ለበሽታው በእጅጉ ለተጋለጡ አዋቂዎች፣ በተለይም ሲሮሲስ ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ላለባቸው ነው። ያው ምስል ጤነኛ ጉበት ባላት ወጣት ሴት ላይ ቢታይ ሌላ ዓይነት፣ ምናልባትም ጉዳት የሌለው እብጠት ሊሆን ይችላል። በጣና ዙሪያ የምናውቀው ብልሃርዝያ በጉበት ላይ የሚያስከትለው ጠባሳም ብቻውን ሲሮሲስ ስላልሆነ፣ «የጉበት ሕመምተኛ» የሚል ጥቅል ቃል አይበቃም።

ስለዚህ ኢንዲኬሽኑ በሁለት መስመር ዕድሜን፣ ጾታን፣ ዋናውን ምልክት፣ የታወቀውን በሽታ እና ሊመለስ የተፈለገውን ጥያቄ ይያዝ፦ «የ48 ዓመት ወንድ፤ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ፤ የቀኝ ላይኛው ሆድ ሕመም፤ በአልትራሳውንድ የታየው የጉበት እብጠት ምንነት እንዲለይ።» ካርዱ ካልተገኘ ሕመምተኛውን ራሱን ከምርመራ አልጋው ላይ ሳይወርድ መጠየቅ ነው። (ሪፖርቱ በሥራ ላይ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ቢሆንም እዚህ ምሳሌዎቹን በአማርኛ አቀርባለሁ።)

«ቴክኒክ የራዲዮግራፈሩ ጉዳይ ነው፤ እኔ ቴምፕሌቱ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር እተዋለሁ።»

በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጥ ጉዳት የሚያደርሰው አመለካከት ይህ ነው። ቴምፕሌቱ «በሦስት ፌዝ ኮንትራስት ተሰጥቶ ተነሥቷል» ይላል፤ ይህ ግን የታቀደውን እንጂ የሆነውን አይናገርም። ፌዝ የሚባለው ማድመቂያው ፈሳሽ፣ ማለትም ኮንትራስቱ፣ በጉበት የደም ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ምስል የሚነሣበት እያንዳንዱ ጊዜ ነው። በተለመደው አሠራር የዘገየው የአርቴሪ ፌዝ ኮንትራስቱ በመርፌ መግባት ከጀመረ ከ35 ሰከንድ ገደማ በኋላ፣ የፖርታል ቬይኑ ፌዝ ከ70 ሰከንድ ገደማ በኋላ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይነሣል። ካኑላው ቀጭን ሆኖ ኮንትራስቱ በዝግታ ከገባ ወይም የልብ ሥራ ከደከመ፣ ሰዓቱ ትክክል ሆኖም ፌዙ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማወቅ ከሰዓቱ ይልቅ የደም ሥሮቹን መመልከት ይሻላል። በትክክለኛው የዘገየ የአርቴሪ ፌዝ የጉበት አርቴሪው በደንብ ይደምቃል፣ ፖርታል ቬይኑ በመጠኑ ኮንትራስት ይይዛል፣ ሄፓቲክ ቬይኖቹ ግን ገና አልያዙም። ፖርታል ቬይኑ ምንም ካልያዘ ምስሉ ቀድሟል፤ ሄፓቲክ ቬይኖቹ ከደመቁ ደግሞ አልፏል። በሁለቱም ሁኔታ ደማቅ መሆን የነበረበት ካንሰር ከዙሪያው ጉበት ጋር ተመሳስሎ ሊያመልጥ ይችላል። ሪፖርቱን የሚጽፈው ሬዚደንት ሐኪም ይህን አይቶ «የአርቴሪ ፌዙ ቀድሞ ተነሥቷል፤ በዚህ ፌዝ የሚደምቅ እብጠት አለመታየቱ አለመኖሩን አያረጋግጥም» ብሎ በቴክኒኩ ክፍል ሊጽፍ ይገባል። አለበለዚያ አንባቢው ሐኪም ምርመራው ሙሉ እንደነበር አምኖ ይወስናል።

«የድሮውን ሪፖርት ካነበብኩ ንጽጽር አድርጌያለሁ ማለት ነው።»

ሪፖርት ማንበብ እና ምስል ማየት የተለያዩ ስለሆኑ፣ የትኛው እንደተደረገ በግልጽ ይጻፍ፦ «ከአልትራሳውንድ የጽሑፍ ሪፖርት ጋር ተነጻጽሯል፤ ምስሎቹ አልተገኙም።» ምንም ካልተገኘም ክፍሉን ባዶ ከመተው «የቀደመ ምርመራ አልቀረበም» ማለት ይገባል።

በእኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ እርሱም ቀን ነው። ገበሬው በፌስታል ይዞት የመጣው ወረቀት በእጅ የተጻፈ 12/4/2017 የሚል ቀን አለበት፤ የሲቲ ማሽኑ ስክሪን ደግሞ 2025-06-21 ይላል። ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለቱ እንደሆነ፣ ይኸውም በአውሮፓውያን ዲሴምበር 21 ቀን 2024 እንደሚውል ያላስተዋለ ሰው የስድስት ወሩን ልዩነት ስምንት ዓመት ያደርገዋል። ከ14 ወደ 22 ሚሊሜትር የደረሰ እብጠት በስምንት ዓመት ሲሆን እና በስድስት ወር ሲሆን የሚሰጠው ትርጉም እጅግ የተለያየ ነው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ይህን ይፈታል።

ያም ሆኖ ይህን ዕድገት እንደ ማስረጃ ለመቁጠር መቸኮል አይገባም። ላይ-ራድስ ወሳኝ ዕድገት የሚለው በስድስት ወር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ቢያንስ የ50 በመቶ መጨመርን ሲሆን፣ ልኬቱ የሚነጻጸረው በሲቲ ወይም በኤምአርአይ ምስሎች መካከል ነው። በአልትራሳውንድ የተለካው 14 ሚሊሜትር ለዚህ አያገለግልም።

«ግኝት በዘረዘርኩ ቁጥር ሪፖርቱ ይሟላል።»

የሐሞት ከረጢቱ ከዓመታት በፊት በቀዶ ሕክምና በወጣለት ሰው ላይ «የሐሞት ከረጢት ጤናማ ነው» የሚል ሪፖርት የሚወጣው ከዚህ ልማድ ነው። ቴምፕሌት አካላትን ለማስታወስ ይጠቅማል፤ የተሞላው ቃል ግን በዓይን ካልታየ መሰረዝ አለበት።

በገበሬው ጉዳይ ትኩረት የሚሻው እብጠቱ ነው፦ «በሴግመንት 6፣ በፖርታል ቬይኑ ፌዝ የተለካ 22 ሚሊሜትር እብጠት፤ በአርቴሪ ፌዝ ጠርዙ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ይደምቃል፤ በፖርታል ቬይኑ ፌዝ ከዙሪያው ጉበት ይልቅ ይጠቁራል።» ልኬቱ ከአርቴሪው ፌዝ ያልተወሰደው በእብጠቱ ዙሪያ ያለው ጉበት አብሮ ሊደምቅ እና መጠኑን ሊያጋንን ስለሚችል ነው። ከዚህ ቀጥሎ ሕክምናውን የሚወስኑት «የለም» የሚባሉ ነገሮች ይጻፋሉ፦ በፖርታል ቬይኑ ውስጥ የደም መርጋት ወይም ዕጢ የለም፣ ሌላ እብጠት የለም፣ በሆድ ውስጥ ውኃ የለም፣ ጣፊያው አላደገም። የጀርባ አጥንት መበላትን የመሰለ ሌላ ነገር ከሌለ የቀረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል።

«ማጠቃለያው የግኝቱ አጭር ቅጂ ነው፤ ካልተረጋገጠልኝ ‹ከክሊኒክ ጋር ይገናዘብ› እላለሁ።»

ብዙ ሐኪሞች በተጨናነቀ ተራ መካከል የሚያነቡት ይህን ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው መስመር በኢንዲኬሽኑ የተጠየቀውን ይመልስ፦ «1. በሴግመንት 6 ያለው 22 ሚሊሜትር እብጠት ኤልአር-5 ነው፤ ይኸውም በእርግጠኝነት ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ ነው። 2. የፖርታል ቬይን ወረራ ወይም ሌላ እብጠት አልታየም። 3. ጉዳዩ በጉበት ሐኪም እና በቀዶ ሐኪም በጋራ እንዲታይ ይመከራል።» በላይ-ራድስ አመዳደብ ኤልአር-5 የተባለው መጠኑ ከ20 ሚሊሜትር በላይ ሆኖ የአርቴሪ ድምቀቱና የኋላ መጥቆሩ አብረው ስለተገኙ ነው፤ አጠራጣሪው የዕድገት ልኬት አላስፈለገም።

የአርቴሪ ፌዙ ቀድሞ ቢሆን እና ድምቀቱ ባይታይ ኖሮ ግን ይህ ማጠቃለያ አይጻፍም ነበር። ያን ጊዜ የሚጻፈው «የእብጠቱ ምንነት በዚህ ምርመራ ሊወሰን አልቻለም፤ የአርቴሪ ፌዙ ቀድሟል፤ በትክክለኛ የዘገየ የአርቴሪ ፌዝ ሲቲው ይደገም ወይም ኮንትራስት ያለው ኤምአርአይ ይነሣ» የሚል ነው። «ከክሊኒክ ጋር ይገናዘብ» የሚለው ሐረግ ምን፣ ከምን ጋር፣ ለምን ብሎ ስለማይናገር ለሐኪሙ ምንም አይጨምርም። የቀጣዩ ምርመራ ምክር ከዚህ በተቃራኒ ሰውየው ወደ ዘጌ ከመመለሱ በፊት ሊፈጸም ስለሚችል፣ ለላከው ሐኪም በስልክ ተነግሮ የተነገረበት ሰዓት በሪፖርቱ ግርጌ ይመዘገባል።