ካሊብሬሽን ላይ «ከተፈቀደው ስህተት ውጭ» ማለት ምንድን ነው?

ቡሬ ውስጥ የበቆሎ እርጥበት የሚለካ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ አለ እንበል። ነጋዴው ናሙና ያመጣል፣ መለኪያው ቁጥር ያወጣል። በውሉ መሠረት እርጥበቱ ከ13.5 በመቶ ካልበለጠ በቆሎው ያልፋል።

የካቲት 18 የካሊብሬሽን ባለሙያ መጣ። መለኪያውን እርጥበታቸው አስቀድሞ በታወቀ ናሙናዎች ፈተነው። 10 በመቶ ላይ 0.1፣ 12 ላይ 0.3፣ 14 ላይ ደግሞ 0.8 አሳንሶ አነበበ። የተፈቀደው ስህተት 0.5 ነው። 14 ላይ መሣሪያው ከወሰኑ አልፏል፤ ከተፈቀደው ስህተት ውጭ የሚባለው ይሄ ነው።

ብዙ ቦታ ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። መሣሪያው ይስተካከላል፣ አዲስ ስቲከር ይለጠፍበታል፣ ሥራ ይቀጥላል። ያ ስቲከር ግን የሚመለከተው ከዛሬ በኋላ ያለውን ልኬት ነው። በዚሁ መሣሪያ ተለክተው የወጡት የቀድሞ ውጤቶችስ? የላቦራቶሪዎች መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 17025 መሣሪያው ከሥራ እንዲወጣና ጉድለቱ በቀደሙት ውጤቶች ላይ ያመጣው ጉዳት እንዲመረመር ያዛል። ለዚህ ምርመራ ዋናው ማስረጃ መሣሪያው ከመነካቱ በፊት የተነበበው ቁጥር ነው። ባለሙያው መጀመሪያ አስተካክሎ ከዚያ ብቻ ከመዘገበ፣ ስህተቱ ስንት እንደነበር ማወቂያው አብሮ ጠፋ። ስለዚህ «ከማስተካከልህ በፊት ያነበብከውን ጻፍልኝ» ማለት የደንበኛው መብት ነው፣ አስቀድሞ በውል ቢገባ ደግሞ ይሻላል።

ወደ ኋላ እስከ መቼ እንሂድ? ያለፈው ካሊብሬሽን ባለፈው ዓመት የካቲት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ መመርመር ከባድ ነው። ይህ ላቦራቶሪ ግን በየወሩ አንድ ናሙና በምድጃ አድርቆ የመለኪያውን ንባብ ያመሳክራል። ታኅሣሥ 12 ልዩነቱ 0.1 ብቻ ነበር፣ ያውም 13.6 በመቶ እርጥበት ባለው በቆሎ ላይ። የጥር ወር ማመሳከሪያ ተዘሏል። ስለዚህ አጠራጣሪው ጊዜ ከታኅሣሥ 12 እስከ የካቲት 18 ነው። ስህተቱ መቼ እንደጀመረ ስለማይታወቅ ጊዜው በሙሉ እንደ ተበላሸ ይታሰባል። ማመሳከሪያው የተሠራው 10 በመቶ ላይ ቢሆን ኖሮ ጊዜውን ማሳጠር አይቻልም ነበር፤ እዚያ ላይማ መሣሪያው ዛሬም ደህና ነው።

በዚህ ጊዜ 212 ውጤቶች ወጥተዋል። ሁሉንም መሰረዝ አያስፈልግም። 13.5 አጠገብ ስህተቱ 0.7 ገደማ ነው። ስለዚህ እውነተኛ እርጥበቱ 13.5 የሆነ በቆሎ 12.8 ተብሎ ይነበባል። ለልኬት ጥርጣሬ 0.2 እንቀንስና 12.6 ላይ እናቁም። ከዚያ በታች የተነበቡት 171 ውጤቶች ስህተቱ ቢጨመርባቸውም ያልፋሉ። ከ13.5 በላይ ተነብበው የወደቁት 17ም አይለወጡም፤ መሣሪያው አሳንሶ ስለሚያነብ እውነተኛው እርጥበት እንዲያውም ይበልጣል። የሚቀሩት በመሃል ያሉት 24 ናቸው፤ አልፈዋል ተብለው ሳለ ሊወድቁ የሚችሉ። ይህ ቆጠራ የሚሠራው ግን ማለፍና መውደቅ ብቻ ለሚያስጨንቀው ደንበኛ ነው። በእርጥበቱ ልክ ዋጋ ለሚያስቀንስ ገዢ ቁጥሩ ራሱ ገንዘብ ስለሆነ፣ የሱ ውጤቶች ለብቻ ይታያሉ።

ከ24ቱ የ15ቱ ናሙና አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ ተቀምጧል። በምድጃ እንደገና ይለካሉ። የ9ኙ በወረቀት ከረጢት ነበር፤ እስካሁን ደርቆ ይሆናል፣ ቢለካም ዋጋ የለውም።

ደንበኛን መንገር ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያመነታው። «ድጋሚ ለክተን እርግጠኛ ስንሆን እንናገራለን» ይባላል። በቆሎው ግን መጋዘን ውስጥ ነው፣ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። ስለዚህ ለ24ቱ ባለቤቶች በዚያው ቀን ይደወላል፣ ደብዳቤው ይከተላል። «ጥቃቅን የቴክኒክ ችግር አጋጥሞናል» የሚል ደብዳቤ ለማንም አይጠቅምም። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ጥር 9 የሰጠንዎት የእርጥበት ውጤት (13.1) አጠራጣሪ ሆኗል። መለኪያችን 14 በመቶ አካባቢ 0.8 ያህል አሳንሶ ሲያነብ ተገኝቷል። እውነተኛው እርጥበት ከ13.5 ሊበልጥ ይችላል። በቆሎው በእጅዎ ካለ አይሽጡት፣ አዲስ ናሙና ያምጡልን፤ ያለ ክፍያ እንለካለን። ሸጠውት ከሆነ ለገዢው ያሳውቁ።»

እንደገና የተለካው ሲደርስ አዲስ ሰርተፊኬት ይወጣል፤ የትኛውን እንደሚተካ በቁጥሩ ይጻፍበታል። ናሙናቸው ለጠፋው 9 ግን «0.7 ጨምረን እናርመው» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አይሆንም። 0.7 የየካቲት 18 ስህተት ነው፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስንት እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ለእነዚህ ደንበኞች ውጤቱ መሰረዙ ይነገራቸዋል።