ጦቢት ለልጁ ያስቀመጠው ጽሕፈት፤ ለልጅ የመጀመሪያ ልደት ደብዳቤ ስንጽፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ልጃቸው አንድ ዓመት የሞላው ባልና ሚስት ከሞጣ በኩል ጠየቁኝ። ከተማ ያሉ ዘመዶቻቸው ኬክ እንዲቆረስ ፈልገዋል፤ እነሱ ደግሞ ልጁ አድጎ የሚያነበው ደብዳቤ ጽፈው ማኖር አስበዋል። «ይሄ ነገር የኛ ነው ወይስ የፈረንጅ?» አሉኝ። በኛ ገጠር ድሮ የሚደገሰው ለክርስትናው እንጂ ለልደቱ አልነበረም፤ እሱ እውነት ነው። ወላጅ ለልጁ ጽፎ ማኖሩ ግን በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቅዱስ ሩፋኤልን ስናከብር ከምንሰማው ከመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ አለ።

ጦቢት ነነዌ በምርኮ ሳለ ወደ ሜዶን ይመላለስ ነበር። እዚያ ራጌስ በምትባል አገር ገባኤል ለሚባል ሰው አሥር መክሊት ብር አደራ ሰጠ፤ የእጅ ጽሕፈትም ተቀበለ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ዓይኑ ጠፋ፣ ድህነትም ገባ። ሞትን በለመነበት ቀን ብሩ ትዝ አለውና ልጁን ጦብያን ጠራው። ምዕራፍ 4ን ስታነቡ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ የጠራው ስለ ብሩ ሊነግረው ነው፣ የተናገረው ግን ስለ እናቱ ነው። በማኅፀኗ ሳለህ ስለ አንተ ብዙ መከራ አይታለችና አክብራት፣ አታሳዝናት አለው። ቀጥሎ ምጽዋትን፣ የሠራተኛን ደመወዝ አለማሳደርን፣ የምትጠላውን በሌላው ላይ አለማድረግን አስተማረው። ብሩን ያነሣው መጨረሻ ላይ ነው።

ጦብያ ታዲያ የልጅ ጥያቄ ጠየቀ፦ ሰውዬውን ሳላውቀው ብሩን እንዴት እቀበለዋለሁ? አባቱም ያቆየውን ጽሕፈት ሰጠው (ምዕራፍ 5)። የደብዳቤያችንም ሥራ ይኸው ነው። ልጅ ራሱ የማያውቀውን፣ ሊያስታውስም የማይችለውን ነገር፣ ያለበትን ቦታና በማን እጅ እንዳለ ጠቅሶ ያስረክበዋል። «እወድሃለሁ፣ ትልቅ ሰው ሁን» የሚለውን ልጁ ቤት ውስጥ ሲሰማው ያድጋል፤ ለዚያ ወረቀት አያስፈልግም።

የአንድ ዓመት ክርስቲያን ሕፃን የማያውቀው ትልቁ አደራ ጥምቀቱ ነው። ወደ ምዕራብ ተዙሮ ሰይጣን ሲካድ፣ ወደ ምሥራቅ ተዙሮ በክርስቶስ ሲታመን የተናገረለት የክርስትና አባቱ ነው። ሜሮን የተቀባውን፣ ማዕተብ የታሰረለትን፣ ሥጋ ወደሙ የተቀበለውን ልጁ አንዱንም አያስታውስም። የሞጣዎቹ አባት ያመጣው የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ስለዚህ አንድ ቃል አልነበረም፤ የልጁ ክብደትና የጥርሱ ነገር ግን ነበር። (ጥርሱን አላስወጣሁትም፤ እናቲቱ ወዳዋለች።)

አብረን ስንቆጥር እንዲህ ሆነ። ልጁ የተወለደው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ በዘመነ ማቴዎስ ነው። የተወለደበትን አንድ ብለን ስንቆጥር እስከ ኅዳር 30 አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው፤ በዚያ ላይ የታኅሣሥ ሃያ አንድ ቀን ሲጨመር አርባ ይሞላል። እናም አርባው የዋለው ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ፣ በወርኃዊው የእመቤታችን በዓል ነው። ሴት ብትሆን ሰማንያ እንቆጥር ነበር። እናቲቱ ይህን ስትሰማ ዝም አለችና፣ «ምጡ ሲጠናብኝ ሴቶቹ ‹ማርያም! ማርያም!› ሲሉ ነበር፤ የክርስትናው ቀን የሷ መሆኑን ግን አላገናኘሁትም» አለች። «ይኸውልሽ፣ ጻፊው!» አልኳት። ደብዳቤው ውስጥ የገባው እንዲህ ነው፦

«ልጄ፣ አንተ ስትወለድ ሌሊት ነበር፤ መብራትም አልነበረም። የጎረቤት እናቶች በኩራዝ ተሰብስበው ማርያምን ይጠሩልኝ ነበር። በአርባ ቀንህ፣ በእመቤታችን ዕለት ተጠመቅህ። ‹ክጃለሁ፣ አምኛለሁ› ብሎ ስለ አንተ የተናገረው የክርስትና አባትህ ነው። ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ሄደህ ጠይቀው።»

እዚህ ላይ የአጥቢያውን ስምና የታቦቱን፣ የክርስትና ስሙን፣ የክርስትና አባቱን ሙሉ ስም ከነአባቱ ጨመርን። የክርስትና ስም በተለይ ይረሳል። ልጁ ለጋብቻ ሲቆርብ ወይም ለጸሎት ስሙ ሲጠራ «ማን ነበር ያልነው?» የሚባልበት ቤት ብዙ ነው። ቀኑን ስትጽፉ ዓመተ ምሕረቱን ከነወንጌላዊው ጻፉ፤ ከፈረንጁ አቆጣጠር ጋር ሲቀላቀል የሚስተካከለው በዚያ ነው። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምራችሁ ለአራት ስታካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 2018 ቀሪው 2 ስለሆነ የልጁ አንደኛ ዓመት በዘመነ ማርቆስ ዋለ። ዓርብም ነበር፤ የሚካኤል በዓል ቢሆንም ጾሙ አይሻርምና ዶሮው ቀርቶ በሽሮና በአብሽ ተዘከረ።

አንድ አንቀጽ ግን እንዲሰረዝ ለመንኳቸው። አባት «ድቁና እንድትቀበል ለእግዚአብሔር ተስለናል» ብሎ ጽፎ ነበር። ሐና ሳሙኤልን ተስላለች፣ እውነት ነው፤ ጡት ስታስጥለውም ወስዳ የሰጠችው ራሷ ናት። ስለቱን የፈጸመችው እሷ ናት እንጂ ጽፋ ለልጅዋ ዕዳ አላስቀመጠችም። ወላጅ የተሳለውን ጧፍም ሆነ ጥላ በራሱ እጅ ያግባ። ልጁን ስለማስተማር ከሆነ ለየኔታ ይስጠው፤ ቀሪው የልጁና የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው። በዚሁ ላይ የወንድማማች የርስት ጠብም ከደብዳቤው ይውጣ። ጦቢት በድህነቱ ጊዜ ማን እንደከዳው ለልጁ አልዘረዘረም፤ «ደኸየን ብለህ አትፍራ» ብቻ ነው ያለው።

የወረቀቱ ነገር፦ አባቶች ብራና ላይ የጻፉት ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ ዘመን ተሻግሮ ይነበባል። የተለመደው እስክሪብቶ ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ እርሳስ ይሻለዋል፣ መፋቅን ብቻ ነው የሚፈራው። ፌስታል ውስጥ አትጠቅልሉት፤ ርጥበት ይይዝና ይሻግታል፣ ቀለሙም ይለጠፋል። በነጭ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከጢስና ከአይጥ ርቆ በሳጥን ይቀመጥ። ቆዳ ተሰፍቶለት በልጁ አንገት እንዳይንጠለጠል ግን አደራ። አያት እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ፣ ከፍቅር ነው። ደብዳቤ ክታብ አይደለም፤ አንገት ላይ ያለው ማዕተቡ ይበቃዋል።

መቼ ይሰጠው? ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት የደገመ ዕለት ቢሆን እኔ እመርጣለሁ። ያን ጊዜ ንባቡ የራሱ ነው፤ ማንም አያነብለትም። የኔታ ዘንድ ካልገባ ደግሞ ወላጆቹ የፈለጉትን የልደት ቀን ይቁረጡ፣ ቀኑንም ከላይ ይጻፉት። ሁለተኛ ግልባጭ በክርስትና አባቱ ቤት ይቀመጥ፤ የወላጆቹ ቢጠፋ የሱ አለ። ሁለቱም ታሽገው ይቆዩ። ቅዱስ ሩፋኤል ጽሕፈቱን ይዞ ራጌስ በደረሰ ጊዜ ገባኤል ከረጢቶቹን ያወጣለት ማኅተማቸው እንዳለ ነበር (ምዕራፍ 9)።