ትኩሳት ላለበት ልጅ ወላጅ ለመምህር የሚጽፈው ማስታወሻ ምንድን ነው?

ልጁ ትኩሳት ስላለበት ቤት መዋሉን ወላጅ ለክፍል ኃላፊው መምህር የሚያሳውቅበት ከአራትና ከአምስት ዓረፍተ ነገር የማይበልጥ ጽሑፍ ነው። አንዳንዱ «የፈቃድ ወረቀት» ይለዋል፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚጠየቅበት አይደለም፣ ምክንያቱም በትኩሳት የሚያተኩስ ልጅን ቤት ለማዋል የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። የሐኪም ማስረጃም አይደለም። ማስረጃው ከጤና ጣቢያ ወይም ከክሊኒክ በማኅተም ተረጋግጦ የሚመጣ ሲሆን፣ በተለይ ፈተና ላመለጠው ተማሪ ትምህርት ቤቱ ሊጠይቀው ይችላል። ማስታወሻው ግን ጠዋት ስም ሲጠራ «ቀሪ» ተብሎ የተመዘገበው ተማሪ የት እንዳለ መምህሩ እንዲያውቅ ያደርጋል፤ ከዚያም ጋር ሌሎቹ ልጆች የሚያሰጋቸው ነገር መኖር አለመኖሩን ያመለክታል።

እንደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ይህች ወረቀት ከመሀል ከተማው ይልቅ ታስፈልጋለች። እናትና አባት ወደ ሥራ ለመድረስ ገና ሳይነጋ ለታክሲ ወይም ለአውቶቡስ ስለሚሰለፉ፣ ትምህርት ቤት ደርሶ መምህሩን በአካል ማነጋገር ለብዙዎቹ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ማስታወሻው ከሌሊቱ ትኩሳት በኋላ ጎህ ሲቀድ ይጻፍና በታላቅ ወንድም ወይም በጎረቤት ልጅ እጅ ይላካል። የሚላከውም ልጅ ወረቀቱን በኪሱ ሳይሆን በደብተሩ መካከል ቢይዘው ይመረጣል፤ ኪስ ውስጥ የገባ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቅዳሜ ልብስ ሲታጠብ ነው። የመገናኛ ደብተር ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ እዚያው ላይ መጻፍ ይሻላል። የክፍሉ ወላጆች ሁሉ ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ግን መጻፍ አይመከርም፤ የልጁን ሕመም ለማይመለከታቸው ሰዎች ያሰራጫል፣ መምህሩም እያስተማረ ስልኩን ላያይ ይችላል።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ ሰኞ ማታ ትኩሳት ጀመራት እንበል። ወላጇ የሚጽፉት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ3ኛ «ለ» ክፍል ኃላፊ መምህርት፣
ልጄ ተማሪ እገሊት ትናንት ማታ ትኩሳት ጀምሯት ሌሊት በብብቷ ሲለካ 38.7 ዲግሪ ስለደረሰ ዛሬ ትምህርት ቤት አልላክኋትም። ቀለል ያለ ሳል አላት፤ ሽፍታም ሆነ ተቅማጥ የለባትም። ያለ መድኃኒት አንድ ሙሉ ቀን ትኩሳት ሳይኖርባት ከዋለች ሐሙስ እልካታለሁ፤ ከዚያ የሚዘገይ ከሆነ አሳውቅዎታለሁ። የቤት ሥራ ካለ ለወንድሟ ቢሰጡልኝ አመሰግናለሁ።
ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የወላጅ ስም፣ ፊርማና ስልክ ቁጥር

በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ትኩረት የሚገባው «ያለ መድኃኒት» የሚለው ሐረግ ነው። ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ መምህራንም በተደጋጋሚ የሚያማርሩበት ነው። ለልጆች የሚሰጠው የፓራሲታሞል ሽሮፕ ትኩሳቱን የሚያበርደው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው እንጂ የትኩሳቱን መንስኤ አያጠፋም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሽሮፑን ጠጥታ ግንባሯ ቀዝቅዞ፣ ፈገግ ብላ የወጣች ልጅ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ጉንጯ ቀልቶ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ትገኛለች። በዚያ ሰዓት ወላጆቿ ያሉት መሀል ከተማ ስለሆነ፣ ከሥራ ተነሥተው እስኪደርሱላት መምህርቷ ልጅቷን ይዛ ትቆያለች። ስለዚህ የሚቆጠረው መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፦ ማክሰኞ ማታ ትኩሳቱ ከበረደና ሽሮፑ ከቆመ፣ ሃያ አራቱ ሰዓት የሚሞላው ረቡዕ ማታ ነው፤ ሐሙስ የተባለውም በዚህ ስሌት ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ካገረሸ ደግሞ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ዲግሪው መጻፉ የሚጠቅመው መምህርቷ ሐኪም ስለሆነች አይደለም። «ትንሽ አሟታል» የሚለው ቃል ከድካም እስከ ከባድ ሕመም ድረስ ሁሉንም ስለሚያቅፍ ነው። በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት ትኩሳት ይባላል። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ከሌለ «በመለኪያ አልለካሁም፤ ሰውነቷ ግን በጣም ያተኩሳል» ብሎ እውነቱን መጻፍ ይበቃል፤ በግምት ቁጥር መፍጠር ግን አያስፈልግም።

በሌላ በኩል፣ የበሽታ ስም መገመት ከማስታወሻው ቢቀር ይሻላል። በሰፈራችን ልጅ ካተኮሰ አንዷ ጎረቤት «ምች መቷት ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ትመጣለች፤ ሌላው «ታይፎይድ ነው» ይላል። ለዳማከሴዋ ምስጋና ይገባታል፤ ነገር ግን «ምች» የሚለው ቃል ለመምህርቷ ምን ማድረግ እንዳለባት አይነግራትም፤ ያልተመረመረ «ታይፎይድ» ደግሞ የሌሎቹን ወላጆች በከንቱ ያስደነግጣል። የሚጻፈው በዓይን የታየው ምልክት ነው፦ ሳል፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ። የሌለውንም መጥቀስ ጥሩ ነው፤ «ሽፍታ የለባትም» የሚለው አጭር ሐረግ መምህርቷን ከአንድ ትልቅ ሥጋት ያሳርፋታል።

ሥጋቱ ኩፍኝ ነው። ትኩሳትና ሽፍታ ከሳል፣ ከአፍንጫ ፈሳሽ ወይም ከዓይን መቅላት ጋር አብሮ ከመጣ፣ ልጁ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት፤ ትምህርት ቤቱም በዚያው ቀን ሊነገረው ይገባል። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ በኋላ እስከ አራት ቀን ድረስ ስለሚተላለፍ፣ ልጁ ገና በጤናው መስሎ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በነበረበት ጊዜ አጠገቡ የነበሩት ተጋልጠው ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ በወንድም እጅ የሚላክ ወረቀት አይበቃም፤ በስልክ ማሳወቅ ይሻላል።

ሐሙስ ደርሶ ልጅቷ ካልተሻላት፣ አዲሱ ማስታወሻ የመጀመሪያውን መድገም የለበትም። «ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ያሳወቅሁዎት ትኩሳት ስላልለቀቃት ዛሬ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ፤ ሐኪሙ የሚሰጠኝን ወረቀት ስትመለስ እልክልዎታለሁ» ማለት በቂ ነው። ልጁ ውኃ እንኳ መጠጣት ካቃተው፣ የሚበላ የሚጠጣውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መተንፈስ ካስቸገረው ወይም ሲቀሰቅሱት በደንብ የማይነቃ ከሆነ ግን ሐሙስን ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሕክምና መውሰድ ነው፤ ለመምህርቷ ከዚያው ሆኖ መደወል ይቻላል።