ሞክሼ ፊደላትን ወጥ ማድረግ ምንድን ነው?

አክስቴን እትዬ ፀሐይን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። እዚያ የሚሠራው ልጅ ስማቸውን ጠየቀ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ መታ መታ አደረገና «እማማ፣ እርስዎ እዚህ አልተመዘገቡም» አላቸው። እሳቸው ደግሞ የተመዘገቡበትን ወረቀት ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን አየሁት። የጻፈው «ጸሀይ» ነው። ወረቀቱ የሚለው «ፀሐይ»። «ወንድም፣ እስቲ በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ ሞክረው» አልኩት። ወዲያው መጡ።

ለኛ አንድ ስም ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ሀ U+1200 ነው፣ ሐ U+1210፣ ኀ ደግሞ U+1280። ድምፃቸው አንድ መሆኑን ማሽኑ በምን ያውቃል? እስቲ ፀሐይን ብቻ እንቁጠር። የመጀመሪያው ድምፅ በጸም በፀም ይጻፋል። ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ እና በኃ። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት ነው። እትዬ ፀሐይ አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነው ሊመዘገቡ ይችላሉ ማለት ነው።

እንዲህ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ግን የተለያየ ፊደላት ሞክሼ ይባላሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ናቸው። የኔታ ዘንድ የተማረ ሰው በስማቸው ይለያቸዋል፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ ይላል። ጥንት በግእዝ ድምፃቸውም የተለያየ ነበር። ሐ ከጉሮሮ የሚወጣ ነው፣ ኀ ደግሞ እንደ ዐረብኛው «ኸ» የሚፋቅ። አማርኛ ድምፆቹን ሲያዋህዳቸው ፊደሎቹ ቀሩ።

ታዲያ ወጥ ማድረግ ሲባል ሰዎች ሁለት የማይገናኙ ነገሮች እያሰቡ ነው የሚከራከሩት። አንደኛው ወገን ሁሉም ፊደል ይኑር፣ እያንዳንዱ ቃል ግን በግእዝ ሥሩ ይጻፍ ይላል። ሁለተኛው ወገን ከየቤተሰቡ አንድ አንድ አስቀርተን ሌላውን እናሰናብተው ይላል። የመጀመሪያው ቃላቱን ነው ወጥ የሚያደርገው፣ ሁለተኛው ፊደሉን።

የመጀመሪያው ወገን ማስረጃ ያምራል። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ደግሞ ያው የምናውቀው ስርቆት ነው። ሠረቀ ብርሃን የሚባለውን ሰው በእሳቱ ሰ ከጻፍከው ብርሃን የወጣለትን ሰው መብራት ሌባ አደረግከው። «መሀረ» አስተማረ ነው፣ ምሁር ከዚያ ይመጣል። «መሐረ» ይቅር አለ ነው፣ ምሕረትም ከዚያ።

ችግሩ ሥሩን ማን ያውቀዋል የሚለው ነው። ሐሙስን እንውሰድ። አብዛኛው ጠንቃቃ ጸሐፊ በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፤ «ሀሙስ» የሚለውን ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። ግን ሐሙስ አምስተኛ ቀን ነው፣ በግእዝ አምስት ደግሞ «ኀምስ» ነው፣ በብዙኃኑ። ዐረብ አገር የሠራ ሰው በጆሮው ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ዐረቦቹ አምስትን «ኸምሳ» ብለው ይፍቁታል፣ በሐመሩ ሐ አይሉትም። ስለዚህ በሥሩ ከሄድን ትክክሉ «ኀሙስ» ነው። እንዲህ ሲጽፍ ያየሁት ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የድሮ ብራናዎችን የገለጠም ያውቃል፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ፊደሎቹን ሲያቀያይሩ ይገኛሉ። ወደ ሥሩ እንመለስ ሲባል ሁሉም የተስማማበት ሥር ያለ ይመስላል። ለብዙ ቃል አለ፣ ለሁሉም ግን የለም።

ሁለተኛው ወገን ለተማሪ ይመቻል። ስናወራ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» በጆሮ አይለዩም፣ ግን ማንም ተምታቶበት አያውቅም፤ ዐውዱ ይነግረዋል። የስልክ ኪቦርዱም በዚህ በኩል እየገፋን ነው። ብዙዎቹ ላይ ሐ እና ሠ ከሀ እና ከሰ ይልቅ ተጨማሪ ንክኪ ይፈልጋሉ። ሰው ደግሞ ሰነፍ ነው። (እኔም መጀመሪያ «መስሪያ ቤት» ብዬ ጽፌ ነው የተመለስኩት። ሥራ በንጉሡ ነዋ!) ነገር ግን ፊደሉን ብታሰናብት እስከዛሬ የታተመው መጽሐፍ፣ መታወቂያና መዝገብ አብሮ አይቀየርም። እትዬ ፀሐይም ስማቸውን በሌላ ፊደል አይፈርሙም። ጠይቄያቸዋለሁ፣ ተቆጥተውኛል።

እኔ የምደግፈው ሦስተኛውን ነው፤ የኮምፒዩተር ሰዎች የሚያደርጉትን። ጽሑፉን አትነካውም። ሲፈለግ ብቻ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ የተጻፈውንም የሚፈለገውንም ወደ አንድ ፊደል ትለውጥና ታነጻጽራለህ። «ፀሐይ» በውስጥ «ጸሀይ» ትሆናለች፣ የልጁም «ጸሀይ» ያው ነው፤ ይገናኛሉ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን ባለቤቱ የጻፈው ነው።

ይህን ሲሠሩ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ግእዝና ራብዕ፣ ማለትም የየፊደሉ የመጀመሪያውና አራተኛው ድምፅ ነው። ፕሮግራመሩ ሐን ወደ ሀ፣ ኃን ወደ ሃ ይለውጥና ጨረስኩ ይላል። «ሐይሉ» ብሎ የተመዘገበው ሰው «ሀይሉ» ሆነ፣ «ኃይሉ» ደግሞ «ሃይሉ»። አሁንም አይገናኙም! በሀ ቤትና በአ ቤት የመጀመሪያውና አራተኛው ድምፅ አንድ ስለሆነ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ራሳቸው መዋሃድ አለባቸው። በሰ እና በጸ ቤት ግን ይህን እንዳትሞክር፤ እዚያ ሰ እና ሳ የተለያዩ ድምፆች ናቸው። «ሰማ» እና «ሳማ» ከተዋሃዱ መስማትና የሚለበልበው ተክል አንድ ሆኑ ማለት ነው።

ሁለተኛው ኸ ነው። «ኾነ» እና «ሆነ» አንድ ቃል ናቸው፣ «ኻያ» እና «ሃያ»ም እንደዚያው፤ ስለዚህ ኹ፣ ኻ፣ ኾ እና የመሳሰሉት ወደ ሀ ቤት ይገባሉ። የመጀመሪያው ኸ ግን አይገባም። እሱ ከከ የወጣ ድምፅ ነው፣ «ከዚያ» ለማለት «ኸዚያ» በሚሉ አካባቢዎች እንደሚሰማው፤ ሀ ደግሞ አፍ ከፍቶ የሚባል ነው። አጣምረህ ካስገባኸው «ሀዚያ» የሚል ማንም የማይለው ቃል ትፈጥራለህ። ኧም ከአ ጋር እንዲሁ ነው። «ኧረ!» ስትል ሰምተህ «አረ» ብለህ የምትጽፍ ከሆነ፣ ያ የጽሕፈት ልማድ እንጂ የድምፅ አንድነት አይደለም።

የእትዬ ፀሐይ ስም ከተገኘ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ልጅ አንድ ነገር ጠየቅኩት፤ ሰው ስሙ ሲጠፋ ምን ያደርጋል? «አዲስ እንመዘግበዋለን» አለኝ።