ጢንጢሎ ቢንቢሎ፦ ስለ ሕፃናት የጨዋታ ግጥም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቲቸር፣ ልጄ ገና አፉን ሳይፈታ የሌለ ቃል እያስያዝሽ ቋንቋውን አታበላሺበት።»

ቱሉ ዲምቱ ውስጥ በማስተምርበት አፀደ ሕፃናት ወላጆችን የሚያሳስባቸው ግጥም ይሄ ነው፦

አህያችን ጢንጢሎ
ባጃጅ ነዳች ቢንቢሎ
ጎማው ጮኸ ዱንዱላ
ጎመን በላች ቡንቡላ

የአራት ዓመት ልጅ በዚህ የሚስቀው አህያ ጋሪ ትጎትታለች እንጂ ባጃጅ እንደማትነዳ ስለሚያውቅ ነው። እኛ ሰፈር ሁለቱም በየጠዋቱ በአንድ መንገድ ስለሚያልፉ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ግጥሙ ካለቀ በኋላ «ባጃጅ የሚነዳው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሹፌሩ!» ብሎ ከጮኸ ቀልዱ ገብቶታል። ኮስተር ብሎ «አህያ» ካለ ግን ግጥሙ ቀድሞታል፤ ለጊዜው ድምፁን ብቻ ይጫወትበት።

እንግሊዝ አገር ልጆችን ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ ተከታትሎ በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የሕፃናት ግጥም በብዛት የሚያውቁት በኋላ ድምፆችን በመለየትም በማንበብም ተሽለው ተገኝተዋል። ጥናቱ የተሠራው በእንግሊዝኛ ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ውጤቱን እንዳለ ወደ አማርኛ ማዛወር አይቻልም፤ ቋንቋ ያበላሻል የሚለውን ሥጋት ግን አይደግፍም።

«ቤት ከመታ ግጥም ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው።»

ሁለተኛውን ስንኝ «ትናንት ገበያ ሄዳ ባጃጅ ነዳች ቢንቢሎ» ብላችሁ ሞክሩት። «ሎ» ቤቱን ይመታል፣ የልጆቹ እጅ ግን መሃል ላይ ይቆማል። ጨዋታውን የሚያስዘልለው የቀለም ብዛት ነው። ቀለም የምለው በአንድ ጭብጨባ የሚወጣውን ድምፅ ነው፦ አ-ህይ-ያ-ችን-ጢን-ጢ-ሎ፣ ሰባት። ባ-ጃጅ-ነድ-ዳች-ቢን-ቢ-ሎ፣ እሱም ሰባት። ስምንተኛው ባዶ ነው፤ ልጆቹ እዚያ ላይ እግራቸውን ይመታሉ። ያንን ባዶ ቦታ በቃል የሞላ ሰው ዝላዩን ገደለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወረቀት ላይ ፊደል ሲቆጥር ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ዘጠኝ ፊደል አለው፣ ሁለተኛው ዐሥር። በፊደል ከሄድን የተዛነፉ ይመስላሉ፣ በጭብጨባ ግን እኩል ናቸው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይቆጠራል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ላይ ይለጠፋል፤ «ባጃጅ» ሦስት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቆጠራው በእጅ ይሁን፣ በብዕር አይሁን።

«ትርጉም ከሌለው ምን ያስጨንቃል? የመጣልሽን ፊደል መደርደር ነው።»

እንዲያውም ከባዱ እዚህ ነው። የታወቀ ቃል ሲሆን የት እንደሚጠብቅ አንባቢው ያውቀዋል፤ አዲስ ቃል ላይ የሚነግረው የለም፣ ፊደላችንም ማጥበቅን አያሳይም። «ጨበሎ» ብዬ ብጽፍ አንዷ እናት «በ»ን ታላላለች፣ ሌላዋ ታጠብቃለች፤ ማታ ልጁ ቤት የሚሰማው ከክፍል ይለያል። «ጨንበሎ» ቢሆን ግን «ን» አፍን ስለሚይዘው «በ»ን ሁሉም አንድ ዓይነት ያነበዋል። በግጥሙ ውስጥ ያሉት አራቱ የፈጠራ ቃላት ሁሉ «ን» ያላቸው ለዚህ ነው። ሳድስ የበዛበትንም፣ ለምሳሌ «ብልግጥሞ»ን፣ ተዉት፤ የት ተከፍሎ እንደሚነበብ ሁለት ሰው አይስማማበትም።

ግስ ለመፍጠር ደግሞ አማርኛ ራሱ መንገድ ይሰጣል። «ተንቀራፈፈች» የሚለውን ይዛችሁ «ተንበላጨጨች» በሉ። ትርጉሙን ማንም አያውቀውም፣ ግን ያደረገችው አንዲት ሴት እንደሆነችና ነገሩ እንዳለፈ ይታወቃል። ልጆቹም ሳይነገራቸው «እኔም ልንበላጨጭ!» ማለት ይጀምራሉ። ሰዋስውን እንዲህ አድርጎ የሚፈትን የቤት ሥራ እስካሁን አላየሁም።

«የፈጠራ ቃል ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም።»

አዲስ አበባ ዳር ላይ ይሄ አይሠራም። ከክፍሌ ብዙዎቹ ቤታቸው የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። «ጉርባ ቱርባ» ብላችሁ ብትጀምሩ ለእነሱ «ጉርባ» ወንድ ልጅ ነው፤ ግማሹ ክፍል ትርጉም ሲፈልግ ግማሹ ይጨፍራል። የባሰ ቃል ሊገጥምም ይችላል። አዲስ ግጥም ክፍል ከመግባቱ በፊት ኦሮምኛ ለሚናገር ጎረቤት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡለት፤ ፊቱ ከተቀየረ ቃሉን ቀይሩ።