የዞሮአስተር እምነት በፋርስ፦ እሳቱ ከሳንቲም ላይ እስኪጠፋ

የዞሮአስተር እምነት ዓለምን የሁለት ኃይሎች ፍልሚያ አድርጎ ያያል። በአንድ ወገን የጥበብ ጌታ አሁራ ማዝዳ፣ በሌላው ወገን አጥፊው አህሪማን አሉ። እሳት የንጽሕና ምልክት ነው። ምእመናኑ «እሳት አምላኪ» ሲባሉ ይከፋቸዋል፤ እውነታቸውን ነው። ነቢዩ ዞሮአስተር መቼ እንደኖረ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም።

የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ የአሁራ ማዝዳን ስም በድንጋይ አስቀርጿል። ከእሱ በኋላ ረጅም ዘመን አለፈ። እምነቱ የመንግሥት ሆኖ የቆመው በእ.ኤ.አ. 224 አርዳሺር የፓርቲያን ንጉሥ ድል አድርጎ የሳሳኒድን ሥርወ መንግሥት ሲመሠርት ነው። በኋላ፣ በ570ዎቹ ገደማ፣ የሐበሾችን አገዛዝ ከየመን ያስወጡት እነዚሁ ሳሳኒዶች ናቸው።

የአርዳሺርን የብር ሳንቲም ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። በፊቱ ንጉሡ አለ፤ በዙሪያው «ማዝዳን የሚያመልክ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። በጀርባው መሠዊያ ላይ የሚነድ እሳት አለ። ዙፋኑና እሳቱ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ነበሩ ማለት ነው።

ሥራውን መሬት ያወረደው ግን ካርቲር የሚባል ካህን ነው። በቀዳማዊ ሻፑር ዘመን ተራ ሊቅ ነበር። ያኔ ማኒ የተባለው የአዲስ እምነት መሥራች እንኳን ቤተ መንግሥት ይገባ ነበር። ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር የካርቲር ማዕረግ እያደገ ሄደ፤ በዳግማዊ ባህራም ዘመን የግዛቱ ሁሉ ዳኛ ሆነ። ማኒ በቀዳማዊ ባህራም እስር ቤት ሞተ። ካርቲር በናቅሽ ሩስታምና በሌሎችም ቦታዎች ባስቀረጸው ጽሑፍ የተቀደሰ እሳት የሚነድባቸው ብዙ የእሳት ቤቶች እንዳቋቋመ፣ አይሁድ፣ ቡድሂስቶች፣ ክርስቲያኖችና የማኒ ተከታዮች እንደተመቱ ይናገራል። ሰውየው ራሱን ማሞገስ ይወዳል፤ ስለዚህ የተናገረው ሁሉ ተፈጽሟል ማለት ይከብዳል። ከእሱ በኋላም ክርስቲያኖች በግዛቱ ውስጥ አልጠፉም።

የእምነቱ ጉልበትም ድክመትም እዚህ ላይ ነው። የእሳት ቤት ማገዶና ካህን፣ መሬትና ገቢ ይፈልጋል። ይህን የሚሰጡት ንጉሡና መኳንንቱ ነበሩ። አረቦች በ642 ነሃቫንድ ላይ ሲያሸንፉ፣ በ651ም የመጨረሻው ንጉሥ ሦስተኛ ያዝድገርድ መርቭ አካባቢ ሲገደል ደጋፊው ጠፋ።

ሕዝቡ ግን በአንድ ጀንበር አልሰለመም። የአረብ ገዥዎች እንኳን ለአሥርተ ዓመታት ያንኑ ባለ እሳት ሳንቲም ሲያትሙ ቆዩ፤ ጠርዙ ላይ ብቻ «በአላህ ስም» የሚል ጨመሩ። ምስሉ ከሳንቲሙ የጠፋው በከሊፋ አብዱልመሊክ ዘመን፣ በ690ዎቹ መጨረሻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምእመናኑን የሸረሸረው ቀስ ያለ ነገር ነው። ያልሰለመ ጂዝያ ግብር ይከፍላል። ቢሮ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ይሰልማል። በኋላ ዘመን ደግሞ ከቤተሰቡ አንዱ ብቻ ቢሰልም ውርሱን ጠቅልሎ ይወስድ ነበር። አንዳንዶች ወደ ህንድ ጉጃራት ተሰደው ፓርሲ ተባሉ። የቀሩት እዚያው ኢራን ውስጥ፣ ያዝድና ኬርማን ተሸሸጉ። የጂዝያው ቀንበር የተነሣላቸው በ1882 ነው፤ ለዚህም ገንዘብና ተከራካሪ የላኩት እነዚያው የህንድ ዘመዶቻቸው ነበሩ።