አንድ ዕቃ በሁለት ኢንቮይስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሶፍትዌሩ የተደገመ ኢንቮይስ አይቀበልም»

አብዛኛው ሶፍትዌር የሚያስጠነቅቀው የኢንቮይስ ቁጥሩ ሳይዛነፍ አንድ ሲሆን ነው። አንዲት አኃዝ ከተለወጠች እንደ አዲስ ያየዋል።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ከአዲስ አበባ መለዋወጫ ገዛ እንበል። አቅራቢው ቀድሞ የኢንቮይሱን ፎቶ በቴሌግራም ላከ። ፎቶው ደብዛዛ ስለሆነ የመጨረሻዋ 1 እንደ 7 ታየች፤ ሒሳብ ክፍል 004817 ብሎ መዘገበው። ቀኑ 03/04/2017 ተባለ። ከሳምንት በኋላ ዋናው ወረቀት ከዕቃው ጋር መጣ። ሌላ ሠራተኛ 004811 ብሎ አስገባው፤ ቀኑን ደግሞ ወደ ፈረንጅ ቀይሮ 12/12/2024 አለው። ያው ታኅሣሥ 3 ነው። ዋጋው በሁለቱም 40,000 ብር፣ ከ15 በመቶ ቫት ጋር 46,000 ብር። ማንም አላጭበረበረም፤ ግን ሁለት ክፍያ ተዘጋጀ።

«ቁጥሩም ቀኑም ከተለያየ ሁለት ግዢ ነው»

ቁጥርና ቀን በእጅ ስለሚጻፉ ቶሎ ይሳሳታሉ። ስለዚህ ፍለጋውን ከእነሱ አትጀምሩ። ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል አውጡና የአቅራቢውን ቲን ቁጥርና ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ አዛምዱ። ስም አይሆንም፤ አንዱ አቅራቢ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሊገባ ይችላል። ከቫት በፊት ያልኩት አንዱ 40,000፣ ሌላው 46,000 ብሎ ከመዘገበ ጥንዱ ስለሚያመልጥ ነው። ቲን በB፣ ዋጋው በD ዓምድ ከሆነ፦

```
=COUNTIFS(B:B,B2,D:D,D2)>1
```

TRUE የወጣባቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቁጥሮቹ በአንድ አኃዝ ብቻ ይለያያሉ? 48 የነበረው 84 ሆኗል? ዜሮው ላይ O ተጽፏል? ቀኖቹንም ወደ አንድ አቆጣጠር መልሷቸው።

«እንግዲያው ብሩ እኩል ከሆነ ተደግሟል ማለት ነው»

አይደለም። የቤት ኪራይ በየወሩ እኩል ነው፤ ደሴ ላለ ሱቅ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ጭነት የሚያመጣ መኪናም እንዲሁ። እውነቱን የሚለየው የመጋዘን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ነው። ሁለት ኢንቮይስ ኖሮ ዕቃው የገባው አንዴ ከሆነ ሁለተኛውን አትክፈሉ። ለኪራይና ለአገልግሎት የዕቃ ገቢ ስለሌለ ውሉንና የሚከፈልበትን ወር እዩ።

«ሁለቴ ብንከፍል አቅራቢው ይመልሳል»

ካልተጠየቀ ብዙ ጊዜ ለቀጣይ ግዢ እንደ ቀብድ ይዞት ይቀመጣል። የሒሳብ መግለጫ ከአቅራቢው በየሩብ ዓመቱ ጠይቁና ከራሳችሁ መዝገብ ጋር አስተያዩ፤ እናንተ ሁለት ያላችሁት እሱ ዘንድ አንድ ሆኖ ይገኛል። ብሩ ቢመለስም ነገሩ አያበቃም። ያቺ 6,000 ብር የግብዓት ቫት ሁለቴ ተቀናንሳ ከሆነ፣ ለገቢዎች ያስገባችሁት የዚያ ወር ሪፖርት መታረም አለበት።